እንኳን ወደ ብሎኮቻችን ግሩፕ ደህና መጣችሁ፤ ፒን የሚደረገው ደንብ ይሄ ነው፣ እስከ እሁድ አስተያየት ስጡበት

የኪያ እናት (አድሚን፣ ብሎክ 6)

ሰላም ጎረቤቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እስከ ትናንት ማታ 140 ገደማ ሰው ገብቷል፣ ከ9ኙም ብሎክ ሰው አለ፣ ይሄ በጣም ደስ ይላል ምክንያቱም አባዶ ከገባን ጀምሮ ውሃ መጣ አልመጣ የምንጠያየቀው ደረጃ ላይ ቆመን እየተጣራን ነበር። ቤቱ የራሱ የሆነም የተከራየም እዚህ እኩል ነው። ደንቡን ከሌሎቹ ሁለት አድሚኖች ጋር ነው ያዘጋጀነው፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አስተካክዬ ፒን አደርገዋለሁ፣ እስከዛ ያልገባችሁን ጠይቁ ያልተስማማችሁበትንም ተናገሩ።

መጀመሪያ ስማችሁ ላይ ብሎካችሁን ጨምሩ፣ የቤት ቁጥር ግን አትጻፉ። ብሎክ ይበቃል። የቤት ቁጥር ጽፎ «ለበዓል ገጠር ወርደናል» የሚል ሰው ቤቱ ባዶ መሆኑን ለማያውቀው ሁሉ ነገረ ማለት ነው።

ግሩፑ ለግቢያችን ጉዳይ ነው። ውሃ፣ መብራት፣ ጥበቃ፣ ቆሻሻ፣ ፓርኪንግ፣ የጠፋ እቃ፣ የጠፋ ልጅ፣ የማህበርና የዕድር ስብሰባ። አራት ቶፒክ ከፍተናል፦ አስቸኳይ፣ ውሃና መብራት፣ ገበያ፣ ጨዋታ። ስትጽፉ ብሎኩን፣ ሰዓቱንና ነገሩን አንድ ላይ ጻፉ። አንድ ሰው «ኧረ ውሃ!!» ብሎ ከጻፈ መጣ ይሁን ሄደ ይሁን ቧንቧ ፈነዳ ይሁን አይታወቅም፣ ከስሩ ሰላሳ ሰው «የት?» «መቼ?» እያለ ይጠይቃል፣ ዋናው መልእክት ሽቅብ ሄዶ ይጠፋል።

አነጋገርን በተመለከተ፣ እዚህ ታላላቆቻችን አሉ፣ የማታውቁትን ሰው አንቱ በሉ፣ ሲቀራረብ አንተ አንቺ ይመጣል። የጎረቤት ጥፋት ግሩፕ ላይ አይወጣም። ከላይ ያለው ሰው ያሰጣው ልብስ በረንዳችሁ ላይ ከተንጠባጠበ ወይ ሽንት ቤቱ ወደናንተ ጣሪያ ካፈሰሰ መጀመሪያ በሩን አንኳኩ፣ ካልተስማማችሁ ለማህበሩ ኮሚቴ ንገሩ። ሰው 140 ሰው ፊት ከተዋረደ በኋላ ቧንቧውን ቢያሰራም ሰላም አይላችሁም።

ፖለቲካ፣ የብሔር ነገር፣ የሃይማኖት ክርክር የለም። ከሌላ ቦታ ፎርዋርድ የተደረገ «ሼር አድርጉ» የሚል ነገርም የለም፣ እውነት ቢሆንም። ጠዋት ጠዋት የሚለጠፍ የአበባ ፎቶና ሰላምታም እንዲቀር ብለናል።

በጣም አጥብቀን የያዝናቸው ሶስት ናቸው። የሰው ፎቶ ለጥፎ ሌባ ነው ማለት፣ መርዶ ግሩፕ ላይ መናገር፣ እና ብር ላኩ ብሎ አካውንት ማስቀመጥ። እነዚህን ያየ አድሚን ማንንም ሳይጠይቅ ወዲያው ያጠፋል፣ ከዛ ለጻፈው ሰው በውስጥ መስመር ለምን እንደጠፋ ይጽፍለታል።

አድሚን ሶስት ነን፣ ብሎክ 2፣ 6 እና 7። በየሳምንቱ ተራ አለን፣ የሳምንቱ ተረኛ ስሙ ከፒኑ ስር ይጻፋል፣ በውስጥ መስመር ጻፉለት፣ በአንድ ቀን ውስጥ ይመልሳል። ቴሌግራም የሌለው ሰው ካለ ስልካችን ዘበኞቹ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ግን አድሚን እሳት አያጠፋም፣ እሳት ከሆነ 939፣ አምቡላንስ ከሆነ ቀይ መስቀል 907፣ ፖሊስ 991፣ መጀመሪያ እዛ ደውሉ ከዛ አስቸኳይ ላይ ጻፉ። ደንብ የጣሰ አንድ ጊዜ በውስጥ ይነገረዋል፣ ከደገመ 3 ቀን መጻፍ አይችልም፣ ማስወጣት ግን ሶስታችንም ካልተስማማን አይሆንም።

ጋሼ (ብሎክ 2)

እናመሰግናለን ልጄ፣ ደክማችሁበታል። አንድ ነገር ግን ከበደኝ። ሰላምታ ይቅር ማለት ምን ማለት ነው? እኔ 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ጠዋት ተነስቼ ጎረቤቶቼን እንዴት አደራችሁ ካላልኩ ምኑን ጎረቤት ሆንኩ። ፎቶውስ ይቅር፣ ግን እግዜር ይመስገን መባባል ማንን ጎዳ? ደግሞ መጻፉ ለአይኔ ይከብደኛል፣ በድምፅ ብልክ ይፈቀዳል ወይ?

አዲስ ገቢ (ብሎክ 8)

ይቅርታ ትናንት ነው የገባሁት፣ መመዝገቢያው ስንት ብር ነው? ወርሃዊውስ ለማን ነው ሚከፈለው

የኪያ እናት (አድሚን፣ ብሎክ 6)

ብሎክ 8 እንኳን ደህና መጡ፣ ይሄ ዕድር አይደለም፣ የሚከፈል ነገር የለም። ዕድር መግባት ከፈለጉ ጸሐፊው እሁድ እሁድ ጠዋት ከብሎክ 5 ስር ይቀመጣሉ። እና እባክዎ ማንም በውስጥ መስመር መጥቶ የግሩፕ መመዝገቢያ ብር ላኩ ቢልዎ እንዳይልኩ፣ እኛ አድሚኖቹ ብር ፈጽሞ አንጠይቅም። ይሄን ጭራሽ ደንቡ ላይ እጨምረዋለሁ፣ ጥሩ ጠየቁ።

ጋሼ፣ ሰላምታውን የተውነው በሌላ ምክንያት ነው። የበፊቱ ሰፈሬ ግሩፕ ላይ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ብቻ ከመቶ በላይ ሰላምታ ይገባ ነበር፣ ሰዉ ስልኩ ሲጮህበት ግሩፑን ድምፅ አልባ አደረገው፣ ከዛ አንድ ቀን የአራት ዓመት ልጅ ጠፍታ እናትየዋ ስትጽፍ አንድም ሰው አላየላትም። ልጅቷ ተገኘች፣ ግን ያገኟት ጥበቃዎቹ ናቸው እንጂ ከእኛ አንዳችንም አልነበርንም። እኔ ያየሁት ከሶስት ሰዓት በኋላ ነው፣ እስካሁን ያን ቀን ሳስበው ይቆረቁረኛል።

ቴክኒሻኑ (አድሚን፣ ብሎክ 7)

ጋሼ ትክክል ናቸው ባይ ነኝ፣ ቶፒክ የከፈትነው ለዚሁ አይደል እንዴ። ሰላምታው «ጨዋታ» ውስጥ ይግባ፣ እዛ የፈለገው ያህል ይባባል፣ የማይፈልግ ጨዋታን ብቻ ድምፅ ያጠፋዋል። እያንዳንዱ ቶፒክ ለብቻው ድምፁ ይጠፋል፣ ከላይ ስሙን ነክታችሁ ታገኙታላችሁ። «አስቸኳይ» የሚለውን ግን ማንም እንዳያጠፋ፣ እሱ ላይ ደግሞ ጨዋታ የጻፈ ሰው ይነገረዋል። ድምፅም ይቻላል ጋሼ፣ ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ ብቻ፣ ሲጀምሩ ብሎክዎንና ጉዳዩን ይናገሩ፣ እኛ ከስሩ ባጭሩ እንጽፍልዎታለን ያልሰማም እንዲያነበው።

ጋሼ (ብሎክ 2)

ይህስ ደህና ነው። ተባረክ።

የብሎክ 3 ልጅ

እኔ ያልገባኝ የሌባው ነገር ነው። ባለፈው ወር ሁለት ቀን ተከታትሎ ጫማ ከደረጃ ላይ ተሰርቋል እኮ፣ ካሜራ ላይ የታየ ሰው ፎቶ ካልለጠፍን ታዲያ ግሩፑ ምን ይሰራል? ደግሞ ስህተት ከሆነ ማጥፋት ይቻላል፣ ለሁሉም ሰው ዲሌት ሲባል ይጠፋል በቃ

የኪያ እናት (አድሚን፣ ብሎክ 6)

ወንድሜ ጥያቄህ ልክ ነው፣ ጫማ የተሰረቀባቸው አንዷ እኔ ነኝ። ግን እስቲ ያየሁትን ልንገርህ፣ ደንቡን የጻፍኩት በዛ ምክንያት ነው።

ያው የበፊቱ ሰፈር ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ አንዱ ላፕቶፕ ጠፋብኝ ብሎ ከካሜራ የወሰደውን ፎቶ ለጠፈ፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ወጣት ልጅ ደረጃ ሲወጣ ይታያል፣ ከስሩ «ይሄ ሌባ ነው፣ ያያችሁት ያዙት» ይላል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሌሎች የሰፈር ግሩፖች ላይ ሁሉ ደረሰ፣ እህቴ ራሷ ከሲኤምሲ «ይሄ የናንተ ሰፈር ነው?» ብላ ላከችልኝ። በነጋታው ጠዋት ልጁ ተመልሶ መጣ። በትከሻው የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሟል። ለካ ልጁ ጋዝ አመላላሽ ነው፣ ማታ ባዶውን ወስዶ ጠዋት የተሞላውን ሊያደርስ አራተኛ ፎቅ ያሉ ሰዎች ቀጥረውት ነበር። በሩ ላይ የሰፈሩ ልጆች ያዙት፣ እኔ ስወርድ የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀምጠውታል፣ ከንፈሩ ደምቷል፣ ሲሊንደሩን በሁለት እጁ አቅፎ ይዞታል፣ እንዳይወስዱበት ይመስለኛል። የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ በነጠላ እየሮጡ ወርደው «ኧረ የኔ ሰው ነው!» እስኪሉ ድረስ ማንም አልሰማውም። ላፕቶፑ የተገኘው ከሁለት ቀን በኋላ የባለቤቱ ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው፣ እሱ ራሱ ወስዶት ነው።

ፎቶው ግን አልጠፋም። ለጣፊው አጥፍቶታል፣ ይቅርታም ጠይቋል፣ ሌሎች ግሩፖች ላይ ግን ከሳምንት በኋላም ይዞር ነበር።

ቴክኒሻኑ (አድሚን፣ ብሎክ 7)

ማጥፋቱን በተመለከተ፣ ከዚህ ግሩፕ ስታጠፋው የሚጠፋው እዚህ ያለው ብቻ ነው። ፎርዋርድ የተደረገው ኮፒ ያንተ አይደለም፣ ስክሪንሾት የተነሳውም ያንተ አይደለም። ደግሞ ኖቲፊኬሽኑ ሰው ስልክ ላይ ከመጣ ገና ግሩፑን ሳይከፍት አንብቦታል።

ሌባ ካያችሁ ምን ታደርጋላችሁ የሚለው ግን ደንቡ ላይ የለም፣ ይጨመር። እኔ ምለው እንዲህ ነው፦ ፎቶውን ቪዲዮውን ለኮሚቴውና ለፖሊስ ስጡ፣ ቪዲዮውን ከካሜራው ላይ ቶሎ ቅዱት ምክንያቱም ብዙዎቹ ካሜራዎች ሚሞሪው ሲሞላ የድሮውን ራሳቸው ይደመስሳሉ፣ በኋላ ፖሊስ ሲጠይቅ የለም ይሆናል። አስቸኳይ ላይ ደግሞ የጠፋውን እንጂ የጠረጠራችሁትን አትጻፉ። ለምሳሌ

«ብሎክ 3፣ ዛሬ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው፣ ከሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ጥቁር የወንድ ጫማ ጠፍቷል። በዛ ሰዓት ያየ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።»

ይሄ ለጎረቤት ይበቃል። የሰው መልክ ይሄን ይመስላል፣ እንዲህ ያለ ቋንቋ ይናገራል፣ የዚህ አካባቢ ሰው ነው ምናምን የሚባል ነገር ከዚህ ውስጥ የለም።

የብሎክ 3 ልጅ

የጋዙ ልጅ ነገር ከበደኝ። እሺ ተስማምቻለሁ። ግን ፖሊስ ሁሌ ፈጥኖ ይመጣል ብዬ አላምንም፣ ይሄን በሌላ ቀን እንነጋገርበት።

ሹፌሩ (ብሎክ 5)

ደግሞ አድሚኖች ለራሳችሁም እወቁ፣ የጥላቻ ንግግር አዋጅ አለ 1185/2012 የሚባል፣ ግሩፕ ውስጥ አንድ ሰው መጥፎ ነገር ከጻፈ የሚታሰረው አድሚኑ ነው። ስለዚ እኔ ብሆን መጻፉን ዘግቼ አድሚን ብቻ እንዲጽፍ ነው ማደርገው፣ ካልሆነም ስሎው ሞድ አንድ ሰዓት አድርጉት በቃ ጭቅጭቅ የለም

ቴክኒሻኑ (አድሚን፣ ብሎክ 7)

ወንድሜ አዋጁ አለ፣ ቁጥሩም ልክ ነው። ግን አዋጁ የሚለው ያሰራጨውን ሰው ነው፣ አድሚን በመሆኑ ብቻ ይታሰራል የሚል እኔ አላነበብኩም። ለዛም ነው ፎርዋርዱን የከለከልነው፣ ከሌላ ቦታ አምጥቶ እዚህ የለጠፈ ሰው «እኔ አልጻፍኩትም» ቢልም ማሰራጨቱን እሱ ነው ያሰራጨው። እኛም እያየን ዝም ማለት የለብንም፣ እሱ ላይ እንስማማለን።

ስሎው ሞድ አንድ ሰዓት የሚለው ግን አይሰራም። አንድ ሰው አንዴ ከጻፈ አንድ ሰዓት ዝም ነው። አስበው፣ አንዷ «ብሎክ 4 ጭስ ይሸተኛል» ብላ ጻፈች፣ ሰዎች «ስንተኛ ፎቅ ነው?» ቢሏት መመለስ አትችልም። ጭቅጭቅ የተነሳ ቀን ለአንድ ለሁለት ሰዓት 5 ደቂቃ እናደርገዋለን፣ ሰው ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዛ እንመልሰዋለን።

ሹፌሩ (ብሎክ 5)

እሺ ጭሱ አሳማኝ ነው። አድሚን ተጠያቂ ነው የሚለውን ግን የህግ ሰው ጠይቄ እመለሳለሁ

ነርስ (ብሎክ 9)

ስለ መርዶው የጻፋችሁትን ሳይ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ልጻፍ፣ ምናልባት የማይገባው ሰው ካለ።

ወንድሜ ነው ያረፈው። እኔ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፣ ጠዋት ከስራ ወጥቼ መገናኛ ሃይገር ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ ደክሞኛል፣ ስልኬን ከፈትኩ። የቤተሰቦቼ ሰፈር ግሩፕ ላይ ፎቶው አለ፣ ከስሩ «ነፍስ ይማር» «ነፍስ ይማር» እያለ ይወርዳል። ያ የለበሰው ሹራብ እኔ የገዛሁለት ነው። ሽማግሌዎቹ እኮ ቤቴ በር ላይ እየጠበቁኝ ነበር፣ አክስቴ ውሃ ይዛ፣ እንደ ወጉ ቁጭ አድርገው ሊነግሩኝ። ሃይገሩ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ጮህኩ። የለጠፈው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሰው ለቅሶው እንዲደርስ ብሎ ነው። ግን ማን ሰማ ማን አልሰማ አልጠየቀም።

ስለዚህ እባካችሁ ደንቡ ላይ መርዶ አይነገርም ብቻ አትበሉ፣ ማን እንደሚፈቅድም ጻፉ።

የኪያ እናት (አድሚን፣ ብሎክ 6)

እህቴ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እንዲህ ብዬ ላስተካክለው፦ ለቅሶ የሚለጠፈው ከሟች ቤተሰብ አንድ ሰው ወይም የዕድራችን ዳኛ «ሁሉም ተረድቷል፣ አሁን ይነገር» ሲሉ ብቻ ነው፣ የሚለጥፈውም አድሚን ነው። ከዚያ በፊት ነፍስ ይማር ማለትም አይቻልም። በጥሩምባ ከተነገረ በኋላ ቢሆንም እንኳ አንድ ስልክ ደውለን እናረጋግጣለን፣ ምክንያቱም ጥሩምባው የሚሰማው እዚህ ነው፣ ግሩፑ ግን ሐዋሳም ዱባይም ይሰማል።

ጋሼ (ብሎክ 2)

ፎቶ አይለጠፍ። ስም፣ ቀብሩ የት ቤተክርስቲያን ወይ መካነ መቃብር እንደሆነና ሰዓቱ ይበቃል። ድንኳኑ የት ብሎክ ስር እንደሚተከልም ይጻፍ መኪና እንዲነሳ።

የኪያ እናት (አድሚን፣ ብሎክ 6)

ጋሼ እንዳሉት ይሆናል።

ነርስ (ብሎክ 9)

አንድ ሌላ ልጨምር አጭር ነው። አምቡላንስ 907 ስትደውሉ ብሎክ ቁጥር ብቻ አትንገሩ፣ ሹፌሩ ብሎኮቹን አያውቃቸውም፣ ከዋናው አስፋልት የትኛው መታጠፊያ እንደሆነ ንገሩ። ከዛ አስቸኳይ ላይ «አምቡላንስ እየመጣ ነው፣ አንድ ሰው ዋናው በር ላይ ይቁም» ብላችሁ ጻፉ፣ ግሩፑ የሚጠቅመው እዛ ላይ ነው። ደግሞ ልጄ አተኮሰው ምን ልስጠው የሚል ጥያቄ እዚህ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ መድሃኒት ያዛል፣ እባካችሁ መጠን አትጻፉ፣ የአንድ ዓመትና የስድስት ዓመት ልጅ እኩል አይወስድም። እኔ ቤት ካለሁ አንኳኩ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ባለ ሱቋ (ብሎክ 1)

ገበያ የሚለው ላይ በየቀኑ መለጠፍ ይቻላል? እንቁላል፣ በርበሬ፣ ዳቦ አለኝ ለጎረቤት ደግሞ እቀንሳለሁ

የኪያ እናት (አድሚን፣ ብሎክ 6)

ይቻላል፣ ዋጋውን ግን ጻፊ እህት፣ «በውስጥ መስመር» አይባል፣ ዋጋ ያልተጻፈበት ይጠፋል። በቀን አንዴ። ከግቢያችን ውጪ ያለ ሻጭ፣ የቤት ደላላም ጭምር፣ አይፈቀድለትም።

ቴክኒሻኑ (አድሚን፣ ብሎክ 7)

የብሩን ነገር ማንም በዝርዝር ስላላነሳው እኔ ላንሳው፣ ምክንያቱም ሰው በብዛት የሚጎዳበት እሱ ነው። እዚህ ግሩፕ ውስጥ የምታውቁት ጎረቤት፣ በራሱ ስም፣ በራሱ ፎቶ፣ «እባክህ ትንሽ ብር ቸግሮኝ ነበር፣ የኔ አፕ አልሰራ ብሎኝ ነው፣ ማታ እመልሳለሁ» ብሎ ይጽፍላችኋል። የሰጣችሁ አካውንት ላይ ግን የሌላ ሰው ስም አለ። አካውንቱ ተወስዶ ነው፣ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። የሚወሰደውም እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ «ለእህቴ ልጅ ውድድር ድምፅ ስጪልኝ» የሚል ሊንክ ይመጣል፣ ስትነኩት ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ከዛ ቴሌግራም ራሱ የሚልከውን 5 አሃዝ ኮድ አስገቡ ይላል። ኮዱን ያስገባ ሰው የቤቱን ቁልፍ ሰጠ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ፣ አሁኑኑ። አንዱ ሁለተኛ የይለፍ ቃል፣ ኮዱ ቢወሰድ እንኳ ያለሱ አይገባም። ሌላው ቁጥራችሁን መደበቅ፣ እዚህ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስልካችሁን ማየት የለበትም፦

```
Settings > Privacy and Security > Two-Step Verification
Settings > Privacy and Security > Phone Number > Nobody
```

ብር የጠየቀ ጎረቤት ካለ በስልክ ደውሉለት ወይ በሩን አንኳኩ፣ ድምፁን ሳትሰሙ አትላኩ። ለታመመ ሰው መዋጮ ካስፈለገም አካውንቱን የሚለጥፈው ኮሚቴው ነው፣ ከየብሎኩ ማን ስንት እንዳወጣ ግን አይለጠፍም፣ ያልቻለ ሰው ያፍራል።

ቨርጂኒያ ያለሁት (ብሎክ 4፣ ባለቤት)

ሰላም ለሁላችሁ፣ ስራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ ደስ ብሎኛል። ሁለት ጥያቄ ነበረኝ። ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ዝም ይባል የሚል ደንብ ካመጣችሁ እኔ ጋ ያኔ ገና ቀን ነው፣ ስለ ቤቴ የምጽፈው መቼ ነው? ሁለተኛ እኔ ቤቴን ያከራየሁት ሰው እዚህ ውስጥ አለ ወይ፣ ስልክ አያነሳልኝም፣ እባካችሁ አንድ ሰው ቢነግርልኝ።

ቴክኒሻኑ (አድሚን፣ ብሎክ 7)

እንኳን ደህና መጡ። የሰዓት ገደቡን ባናስብበትም ጥሩ አነሱት፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከአስቸኳይ ውጪ ያለ ነገር ድምፅ ሳያሰማ ይላክ። መላኪያውን ምልክት ጫን አድርገው ሲይዙ `Send Without Sound` የሚል ይመጣል፣ እሱን ሲነኩ መልእክቱ ይደርሳል ማንንም ግን አይቀሰቅስም።

ተከራይዋ (ብሎክ 4)

ስለ አከራዮች እኔም ልናገር። የእሳቸው ተከራይ አይደለሁም፣ ግን አከራዬ ግሩፑ ውስጥ ካሉ እኔ ስለ ኪራይ፣ ስለ ቤቱ መበላሸት፣ ስለ ምንም በነጻነት አልጽፍም። የቤት ኪራይ ጉዳይ ግሩፕ ላይ መነሳቱም ልክ አይደለም፣ አሁን እንዳነሱት ማለቴ ነው። እዚህ ሌሊት ውሃ ስንቀዳ የምናድረው እኛ ነን።

ቨርጂኒያ ያለሁት (ብሎክ 4፣ ባለቤት)

እህቴ ይቅርታ፣ ያልሽው ልክ ነው፣ በግል ጉዳዬ ግሩፑን መጠቀም አልነበረብኝም። ግን ቤቱ የኔ ነው፣ ማህበሩ ለአሳንሰር ለጥበቃ አዋጡ ሲል የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ምን እንደተወሰነ ካላወቅኩ ደግሞ ከባድ ነው።

ጋሼ (ብሎክ 2)

አሳንሰር የለንም ልጄ።

ቨርጂኒያ ያለሁት (ብሎክ 4፣ ባለቤት)

አይ ጋሼ፣ ለውሃ መግፊያው ፓምፕ ማለቴ ነው፣ ይቅርታ።

የኪያ እናት (አድሚን፣ ብሎክ 6)

ይሄንን እኔ ብቻዬን ልወስን አልችልም። ሁለት ሃሳብ አለ፣ አንዱ ለባለቤቶች የማህበር ውሳኔ ብቻ የሚለጠፍበት ቻናል መክፈት፣ ሌላው ሁሉም እንዳለ ይቀጥል የሚል። እሁድ ድምፅ መስጫ እከፍታለሁ፣ ማን ምን እንደመረጠ የማይታይ አድርጌ። እስከዛ ያለ ሁሉ ይቆያል፣ ማንም አይወጣም፣ የአከራይና ተከራይ ጉዳይ ግን ከዛሬ ጀምሮ በውስጥ መስመር ብቻ።

ሹፌሩ (ብሎክ 5)

አድሚኖች ራሳችሁ ብታጠፉስ? ለማን ነው ምንከሰው

ቴክኒሻኑ (አድሚን፣ ብሎክ 7)

ጥሩ ጥያቄ። አንዳችን ያጠፋነውን ሌሎቹ ሁለቱ ያዩታል፣ ቴሌግራም `Recent Actions` ላይ የ48 ሰዓት ታሪክ ያስቀምጣል፣ የተሰረዘው መልእክትም እዛ ይታያል። ስለዚህ ያለአግባብ ጠፋብኝ የሚል ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ለሌላው አድሚን ይጻፍ፣ ከዛ ካለፈ እኛም ማየት አንችልም። በሶስታችንም ካልረካ ለኮሚቴው።

ሌላው የግሩፑ ባለቤትነት ነው። የማውቀው አንድ ግሩፕ ባለቤቷ ወደ አረብ አገር ሄዳ ሲም ካርዷ ሲዘጋ ቴሌግራሟንም አጣችው፣ አድሚን ከሷ ሌላ አልነበረም፣ ወደ 300 ሰው ያለበት ግሩፕ የውርርድ ማስታወቂያ መጣያ ሆኖ ቀረ፣ አንድ ሰው ማስወጣት የሚችል የለም። ስለዚህ አድሚን የሚቀይር ሰው ከመሄዱ በፊት ያስረክብ። ደግሞ በሄደበት ቀን ልስጥ ቢል አይሆንም፣ ባለቤትነት ለማስተላለፍ ሁለተኛ የይለፍ ቃሉ ከተከፈተ ቢያንስ 7 ቀን መሆን አለበት። እኛ ሶስታችንም ከፍተናል።

አዲስ ገቢ (ብሎክ 8)

ቁጥሬን ደበቅኩ፣ ሰራልኝ። ስሜ ላይም ብሎክ ጨመርኩ።

የኪያ እናት (አድሚን፣ ብሎክ 6)

እናመሰግናለን። በሉ እስካሁን የጨመርኩት የመርዶው ፈቃድ፣ የጠፋ እቃ አጻጻፍ፣ አድሚን ብር አይጠይቅም የሚለው፣ ሰላምታ በጨዋታ፣ የሌሊቱ ድምፅ አልባ መልእክት፣ የ48 ሰዓቱ አቤቱታ ነው። የግሩፑን ሊንክም ለውጭ ሰው እንዳትልኩ፣ አዲስ ሰው ጥያቄ ሲልክ ስሙንና ብሎኩን አይተን ነው የምናስገባው፣ ከግቢው የለቀቀም ሲሄድ ይሰናበተን። የዚህ ሳምንት ተረኛ እኔ ነኝ።

ነርስ (ብሎክ 9)

ብሎክ 9፣ ከሌሊቱ 9፡40፣ ውሃ መጥቷል። ግፊቱ ደካማ ነው፣ ሶስተኛ ፎቅ አልደረሰም፣ ምድር ቤት ያሉት ይቅዱልን። ድምፅ አጥፍቼ ነው የላኩት።

ጋሼ (ብሎክ 2)

ብሎክ 2 ገና ነው። ነቅቻለሁ፣ ሲመጣ እጽፋለሁ።